ኮከባችሁ ገጥሞ ቤታችሁ ለምን አልገጠመም? የጨረቃ ምልክት አወጣጥ ደረጃ በደረጃ

"ኮከባችን ይገጥማል" የሚሉ ባልና ሚስት አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሩት ስለ ፀሐይ ምልክት ነው፣ ሲወለዱ ፀሐይ ስለነበረችበት ምልክት። እሱ ስኮርፒዮ ነኝ ይላል፣ እሷ ካንሰር ነኝ ትላለች፣ ሁለቱም ውሃ ናቸው፣ በቃ አለቀ፣ ቲክቶክ ላይም አንደኛ ጥንድ ናችሁ ይላቸዋል። ከዛ ቤት ገብተው አንድ አመት ሲኖሩ በማይረባ ነገር መኳረፍ ይጀምራሉ፣ በእራት፣ በእንግዳ፣ በሶፋ፣ "ምነው ዝም አልክ" "ምነው አታሳርፊኝም" ምናምን። ኮከብ ቆጠራን በደንብ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲነገረው ፀሐይን ትቶ መጀመሪያ የሚያየው ጨረቃን ነው።

ምክንያቱ በሙያው ውስጥ ሁለቱ የተለያየ ሥራ ስላላቸው ነው። ፀሐይ የሚነግረው ሰውዬው ምን መሆን እንደሚፈልግ ነው፣ ውጪ ሰው ፊት ምን ሆኖ እንደሚቆም፣ በምን እንደሚኮራ። ጨረቃ ግን ሰውነትን፣ ምግብን፣ እንቅልፍን፣ ልማድን፣ ከእናት ቤት ይዘነው የመጣነውን ሁሉ ይይዛል ይባላል። ሰው ደክሞት ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ የሚቀረው ጨረቃው ነው ነው ነገሩ። ትዳር ደግሞ ከሰርጉ ቀን በኋላ አብዛኛው ጫማ ከወለቀ በኋላ ያለው ሰዓት ነው፣ ስለዚህ ሁለት ሰዎች ሥራ ቦታ ወይ ካፌ ቁጭ ብለው በፀሐያቸው ይግባቡና ቤት ሲገቡ በጨረቃቸው ይጋጫሉ የሚል ነው የኮከብ ቆጣሪዎቹ ሙግት።

ታዲያ ሁሉም ሰው ለምን ፀሐዩን ብቻ ያውቃል? ቀላል ስለሆነ። በ1930 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ልዕልት ማርጋሬት ስትወለድ ናይለር የሚባል ኮከብ ቆጣሪ ሰንደይ ኤክስፕረስ ላይ ስለ ሕፃኗ ጻፈ፣ አንባቢ ወደደው፣ ከዛ በኋላ ነው የጋዜጣ ኮከብ አምድ የተስፋፋው። አምድ ደግሞ የሚሠራው አንባቢው በሚያውቀው ነገር ነው፣ የልደት ቀኑን ሁሉም ያውቃል፣ ፀሐይ አንድ ምልክት ውስጥ አንድ ወር ያህል ስለምትቆይ ቀኑ ብቻ ይበቃታል። ጨረቃ ግን በሁለት ቀን ተኩል ገደማ ምልክት ትቀይራለች፣ ሰዓት ትፈልጋለች፣ ጋዜጣ ላይ አይሆንም። ህንዶች ጋር ብትሄዱ ግን ለጋብቻ የሚያመሳክሩት ከ36 ነጥብ ነው፣ ነጥቡ በሙሉ የሚወጣው ከሁለቱ ሰዎች የጨረቃ ቦታ ነው፣ ከ18 በታች ከሆነ ቤተሰብ ያመነታል።

እኛ ጎንደር ደግሞ ሌላ ሦስተኛ ነገር አለ። ደብተራ ጋ ሄደው በስምና በእናት ስም ፊደል ተቆጥሮ የሚወጣው ኮከብ። እሱም ሐመል፣ ሰውር እያለ ያንኑ 12 ስም ስለሚጠቀም ሰው ይቀላቅለዋል። ያ ሰማይ ላይ ከነበረው ጨረቃ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፣ የፊደል ቁጥር ነው፣ ስለዚህ "እኔ እኮ አሰድ ነኝ ተብያለሁ" ካላችሁ መጀመሪያ በምን ተቆጥሮ እንደሆነ ጠይቁ። ቤተ ክርስቲያንም ሁለቱንም እንደማትወድ ይታወቃል፣ እሱን እያንዳንዱ ከራሱና ከንስሐ አባቱ ጋር ይጨርስ።

እሺ ወደ ሥራው። አዘዞ የሚኖሩ አንድ ባልና ሚስት አሉ፣ የእነሱን እያየን እንሂድ ምክንያቱም የእነሱ ላይ ሊበላሽ የሚችለው ነገር ሁሉ አለበት።

ደረጃ 1፦ ሰዓቱንና ሌሊቱን አጣሩ

መታወቂያ ላይ ያለውን ቀን አትመኑ። ብዙዎቻችን ትምህርት ቤት ስንመዘገብ በግምት የተጻፈልን ነው፣ መስከረም 1 የተወለደ ሰው ብዛት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ለፀሐይ ምልክት ሁለት ሦስት ቀን ቢዛነፍ ብዙ ጊዜ ምንም አይልም፣ ለጨረቃ ግን አንድ ቀን ቢዛነፍ ሌላ ሰው ሆናችሁ ታርፋላችሁ።

ባልየው ቀላል ነው፣ ሕዳር 3 ቀን 1982፣ እሑድ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ጤና ጣቢያ ስለተወለደ ወረቀት አለው። ሚስትየዋ ናት ጉዱ። እቤት ነው የተወለደችው ደምቢያ ገጠር፣ የምታውቀው ሐምሌ 5 ቀን 1983 ሌሊት የሚለውን ብቻ ነው። እናቷ ጋ ደወለችና ድምፁን ላውድ አድርጋ ጠየቀች።

"የጴጥሮስ ጳውሎስ ሌሊት ነዋ፣ ዶሮ ሳይጮህ፣ ስንቴ ልንገርሽ" አሉ እናትየው።

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። "የጴጥሮስ ጳውሎስ ሌሊት" ሁለት ሌሊት ሊሆን ይችላል። አንደኛው ሐምሌ 4 ለ5 አጥቢያ፣ ማለትም በዓሉ ሊነጋ ሲል። ሁለተኛው ሐምሌ 5 ለ6 አጥቢያ፣ በዓሉ ተከብሮ ከመሸ በኋላ። በመሀከላቸው 24 ሰዓት አለ፣ ጨረቃ በ24 ሰዓት ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ትሄዳለች፣ አንድ ምልክት ደግሞ 30 ዲግሪ ብቻ ነው።

ስለዚህ ቀን ጠይቃችሁ አትሰልቹ፣ እናቶች የሚያስታውሱት ቀኑን ሳይሆን ድርጊቱን ነው። ልጅቷ ያቀረበችው ጥያቄ ደስ ይለኛል፦

"እማ፣ በዓሉ ውሎ ነበር ወይስ ገና ነበር?"

"እንዴታ! በዓሉ ተከብሮ፣ ቤቱ ሰው ሞልቶበት፣ ከገበታው ሳንነሳ እኮ ነው ምጡ የያዘኝ።"

አለቀ። በዓሉ የሚከበረው ሐምሌ 5 ነው፣ ቤቱ ሰው ሞልቶ ገበታ ከቀረበ በዓሉ ውሏል፣ የተወለደችው ሐምሌ 5 ለ6 አጥቢያ ነው፣ አርብ ለቅዳሜ። ዶሮ ሳይጮህ ማለት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ እንበል። ሰዓቱ ትንሽ ወዲህ ወዲያ ቢል ለእሷ ምንም አያመጣም፣ ሌሊቱ ግን ወሳኝ ነው፣ ለምን እንደሆነ አሁን ታያላችሁ።

ሌላ ማጣሪያ የክርስትና ቀን ነው፣ ወንድ በ40 ሴት በ80 ቀን ስለሚነሱ ወደ ኋላ መቁጠር ይቻላል። የእሷን ብትቆጥሩ ሐምሌ 6ን አንድ ብላችሁ 80ኛው ቀን መስከረም 19 ላይ ይወድቃል፣ ግን 1983 ዘመነ ሉቃስ ስለነበረ ጳጉሜ 6 መሆኗን እንዳትረሱ። ክርስትናውን በሌላ ምክንያት ያዘገየ ቤተሰብ ስላለ ይሄን ለማረጋገጫ እንጂ ብቻውን አትያዙት።

ደረጃ 2፦ ወደ ፈረንጅ ቀንና ሰዓት መቀየር

አፖቹ የሚያውቁት የፈረንጁን ነው። ዓመቱ ላይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ይደመራል፣ የፈረንጅ ጃንዩወሪ ከገባ በኋላ እስከ ጳጉሜ 8። ቀኑን በግምት አታውጡ፣ ቀን መቀየሪያ አፕ ተጠቀሙ፣ ከዛ የሳምንቱ ቀን መግጠሙን እዩ። የባልየው ሕዳር 3 ቀን 1982 ኖቬምበር 12፣ 1989 ነው፣ እሑድ። የሚስትየው ሐምሌ 6 ቀን 1983 ጁላይ 13፣ 1991 ነው፣ ቅዳሜ። እናትየው "አርብ ለቅዳሜ" ካሉና አፑ ሐሙስ ካላችሁ አንድ ቦታ ተሳስታችኋል ማለት ነው።

ሰዓቱ ላይ ቀን ከሆነ 6 ደምሩ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት 10:00 ይሆናል። ማታም እንደዛው ነው፣ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ከሆነ ግን 18 ትደምራላችሁ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት 20:00 ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት 00:00 ነው፣ ከዛ በኋላ ያለው ሌሊት 6 ይቀነስለታል፣ 8 ሰዓት 02:00። ትልቁ ወጥመድ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ያለው ነው፣ እኛ ገና "የአርብ ሌሊት" እያልን ነው፣ ፈረንጁ ግን ቀኑን ቀይሮ ቅዳሜ ብሏል። ስለዚህ የሚገባው July 13, 02:00 ነው እንጂ July 12, 02:00 አይደለም።

ደረጃ 3፦ ማስገባት

astro.com ላይ በነፃ ይወጣል፣ ሌላ አፕም ይሆናል። ከተማ ሲጠይቅ Gondar ጻፉ፣ እምቢ ካለ Gonder፣ ጭራሽ ካጣችሁት አዲስ አበባ በሉት፣ ለጨረቃ ምልክት ለውጥ የለውም ምክንያቱም የአገሩ ሰዓት አንድ ነው። ከተማ የሚያስፈልገው ለሌላ ነገር ነው፣ ያን አሁን አንነካውም። ገደምዳሜ እንዳትሄዱ አንድ ነገር ቼክ አድርጉ፣ ቻርቱ ላይ Univ.Time የሚል አለ፣ እሱ እናንተ ካስገባችሁት በ3 ሰዓት ያነሰ መሆን አለበት። ለሚስትየዋ 23:00 ካሳየ ትክክል ገብቷል።

ከዛ Moon የሚለውን መስመር ፈልጉ። አፑ በእንግሊዝኛ ስም ይነግራችኋል፣ እኔ ግን በኛው ስም ነው የምጽፈው፣ ቅደም ተከተሉ ሐመል፣ ሰውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ አቅራብ፣ ቀውስ፣ ጀዲ፣ ደለዊ፣ ሑት ነው። ታውረስ ያለው ሰውር፣ ካንሰር ሸርጣን፣ ሊዮ አሰድ፣ ስኮርፒዮ አቅራብ።

የእነሱ ሲወጣ እንዲህ ሆነ። ፀሐያቸው፣ የእሷ ሸርጣን 20 ዲግሪ አካባቢ፣ የእሱ አቅራብ 20 ዲግሪ አካባቢ። ይሄ በጣም የሚገርም ነው፣ በመሀላቸው 120 ዲግሪ ማለት ይቻላል፣ በፀሐይ ብቻ ለሚያመሳክር ሰው ከዚህ በላይ ግጥምጥም የለም። ጨረቃቸው ግን፣ የእሱ ሰውር መጀመሪያ ላይ፣ የእሷ አሰድ መጀመሪያ ላይ።

አሁን በተሳሳተው ሌሊት July 12, 02:00 ብለው ቢያስገቡ ኖሮስ? ፀሐይዋ ያው ሸርጣን ናት፣ ንቅንቅ አትልም። ጨረቃዋ ግን ሸርጣን 21 ዲግሪ ገደማ ላይ ትሆናለች። ሰውርና ሸርጣን ደግሞ ይስማማሉ፣ "ቤታችሁ የሞቀ ነው፣ ሁለታችሁም ቤት ወዳድ ናችሁ" ተብለው በደስታ ይሸኙ ነበር። በአንድ ሌሊት ስህተት መልሱ ከነጩ ወደ ጥቁሩ ይገለበጣል። ጨረቃዬን አይቻለሁ፣ እኔን አይመስልም የሚል ሰው ሲመጣ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ይሄን ሌሊት ነው።

አንድ ሌላ ነገር፣ አንዳንድ አፕ በህንዶቹ ስሌት ነው የሚሠራው፣ ሁሉም ነገር 24 ዲግሪ ገደማ ወደ ኋላ ይሄዳል። እዛ ላይ የእሱ ጨረቃ ሐመል የእሷ ሸርጣን ይሆናል። ስሙ ይለወጣል፣ በመሀላቸው ያለው ርቀት ግን አይለወጥም፣ ስለዚህ የሁለቱንም በአንድ አፕ አውጡ፣ የእሱን በአንዱ የእሷን በሌላው ካወጣችሁ ሁሉ ነገር ገደል ገባ።

ደረጃ 4፦ ርቀቱን በጣት መቁጠር

ከአንዱ ጨረቃ ጀምራችሁ በአጭሩ በኩል ወደ ሌላው ቁጠሩ፣ የተነሳችሁበትን ምልክት ግን አትቁጠሩት። ከሰውር ተነስተን ገውዝ አንድ፣ ሸርጣን ሁለት፣ አሰድ ሦስት። ሦስት ወጣ።

ባዶ ከወጣ፣ ማለትም ሁለቱም አንድ ምልክት ላይ ከሆኑ፣ ሳይነጋገሩ ይግባባሉ፣ ሲከፋቸውም አብረው ይከፋቸዋል። ሁለትና አራት የቤት ምቾት የሚባሉት ናቸው፣ አራት ማለት ሁለቱም እሳት ወይ ሁለቱም መሬት ናቸው እንደማለት ነው፣ አንዱ የሚያሳርፈው ሌላውንም ያሳርፈዋል። ስድስት ፊት ለፊት ነው፣ ይሳሳባል ይገፋፋል። አንድና አምስት ጠብ የላቸውም፣ ግን አንዱ የሌላው ጭንቀት አይገባውም፣ "ይሄ ምኑ ያስከፋል?" የሚል ትዳር ነው። ሦስት ነው የሚያጋጨው፣ 90 ዲግሪ። ሁለቱም አንድ አይነት ግትርነት አላቸው ግን በተለያየ አቅጣጫ። ዲግሪያቸውም ከተቀራረበ፣ እንደነዚህኞቹ ሁለቱም የምልክታቸው መጀመሪያ ላይ ከሆኑ፣ ግጭቱ ጠንካራ ነው ይባላል። አንዱ 2 ሌላው 27 ቢሆን ኖሮ እኔ ያን ያህል አላካብድም ነበር።

ፍርድ ከመስጠታችሁ በፊት ደግሞ አስተላልፋችሁ እዩ፣ የእሱን ጨረቃ ከእሷ ፀሐይ፣ የእሷን ጨረቃ ከእሱ ፀሐይ። ይሄ ዘመን አመጣሽ አይደለም፣ በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ኮከብ ቆጣሪ በጥሊሞስ ጋብቻ የሚፀናው ፀሐይና ጨረቃዎቹ ሲስማሙ ነው፣ በተለይ የባል ጨረቃ ከሚስት ፀሐይ ጋር ሲስማማ ብሏል። የእነሱ ስንቆጥር የእሱ ጨረቃ ከሰውር ወደ እሷ ፀሐይ ሸርጣን ሁለት ነው፣ ጥሩ፣ ምንም እንኳ በዲግሪ ቢራራቁም። የእሷ ጨረቃ ከአሰድ ወደ እሱ ፀሐይ አቅራብ ግን ሦስት ነው። ማለትም እሱ እሷ በምትሆነው ነገር ይረካል፣ እሷ ግን ቤት ውስጥ የምትፈልገውን ነገር ከእሱ በቀላሉ አታገኝም። ቅሬታው ሁልጊዜ ከአንድ ወገን የሚመጣ ትዳር አይታችሁ ካወቃችሁ አንዳንዴ እንዲህ አይነት ነገር ነው የሚገኘው።

ደረጃ 5፦ ሳታዩት በፊት ጻፉ

ይሄን ደረጃ ከቅደም ተከተል ውጪ ያደረግኩት ሆን ብዬ ነው፣ መሠራት ያለበት ከደረጃ 3 በፊት ነው ግን መጀመሪያ ላይ ብነግራችሁ ትዘሉት ነበር። የጨረቃችሁን ትርጉም ካነበባችሁ በኋላ "ልክ እኔን!" ማለት በጣም ቀላል ነው፣ 12ቱንም ብታነቡ እኮ ከእያንዳንዱ የሆነ ነገር ታገኛላችሁ። ስለዚህ ሁለታችሁም ለየብቻ፣ ሳትተያዩ ወረቀት ላይ መልሱ፣ ደክሜ ስገባ መጀመሪያ የምፈልገው ምንድነው፣ ስታመም ሰው እንዲከበኝ ነው ወይስ እንዲተወኝ፣ ስኮራረፍ ምን ሲደረግልኝ ይለቀኛል። ከዛ የ12ቱን ጨረቃ ትርጉም ሌላ ሰው ስሙን ሳይጠራ ያንብብላችሁ፣ እናንተ የሚመስላችሁን ምረጡ።

ባልየው ወዲያው ሰውርን መረጠ። ሚስትየዋ መጀመሪያ ሚዛንን ነው የመረጠችው፣ አሰድን ሁለተኛ አደረገች። ይሄ ማለት ግማሽ ገጥሟል ማለት ነው፣ ሙሉ ገጥሟል ብላችሁ አታስውቡት።

ደረጃ 6፦ ወደ ሳሎን ማውረድ

"ጨረቃችን 90 ነው" ብሎ መቀመጥ ምንም አይሠራም። የጨረቃ ምልክት የሚጠቅመው እያንዳንዱ ምን ሲያገኝ እንደሚያርፍ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲነገር ነው። ሰውር ጨረቃ የሚያርፈው ነገሮች እንደነበሩ ሲቆዩ ነው ይባላል፣ ያው ወንበር፣ ያው ሰዓት፣ ትኩስ ምግብ፣ ጸጥታ። ዝም ካለ ደስ ብሎታል ማለት ነው። አሰድ ጨረቃ የሚያርፈው ሲታይ ነው፣ ያደረገው ነገር ዓይን ሲገባ፣ ቤቱ ሰው ሰው ሲሸት፣ ምስጋና በአፍ ሲነገር። ዝም ከተባለ ተረስቻለሁ ብሎ ነው የሚያስበው።

አሁን እራት ሰዓት ላይ አስቡት። እሱ 12 ተኩል ላይ ይገባል፣ ሶፋው ጥግ ላይ ያው ቦታው ይቀመጣል፣ እሷ ዶሮ ከሠራች ቀኑን ሙሉ ስትከትፍ ስታቁላላ ውላለች፣ እሱ አንገቱን ደፍቶ ይበላል፣ ይጨርሳል፣ እንጀራ ይጨምራል፣ ለእሱ ይሄ ትልቁ ምስጋና ነው፣ ሁለተኛ እንጀራ ጨመርኩ እኮ። እሷ ደግሞ እያየችው ነው፣ አንድ ቃል እስኪወጣው፣ አይወጣውም፣ እቃውን ሲነሳ ማንኳኳት ይጀመራል። እሱ "ምን ሆነሽ ነው?" ሲላት "ምንም"። ይሄ ነው 90 ዲግሪ።

ያደረጉት ነገር ትንሽ ነው። እሱ መጀመሪያውን ጉርሻ እንደጎረሰ "እጅሽ ይባረክ" ይላል፣ ሲጨርስ ሳይሆን መጀመሪያ ላይ፣ ምክንያቱም ሲጨርስ ከተባለ እሷ ያን ሁሉ ሰዓት ስትጠብቅ ቆይታለች። እሷ ደግሞ የሱቁን ወሬ፣ አራዳ ገበያ ማን ምን እንዳላት፣ እሱ እጁን እስኪታጠብ ትይዘዋለች። ቡናው ሲቀርብ ታወራለች፣ ያኔ እሱ ጠግቦ ነው የሚሰማት፣ ቀና ብሎም ያያታል።

ሁለተኛው ጥምቀት ነው፣ ይሄ ጎንደር ለሚኖር ሰው ቀልድ አይደለም። ጥር 10 እና 11 ዘመድ ከደምቢያው ከባሕር ዳሩ ከአዲስ አበባው ይመጣል፣ ፍራሽ ሳሎን ይነጠፋል፣ የእሷ ጨረቃ ዓመቱን ሙሉ የጠበቀው ይሄን ነው፣ የእሱ ጨረቃ ደግሞ በሁለተኛው ቀን መተንፈሻ ያጣል። እንግዳ አይምጣ ማለት አይቻልም፣ ነውር ነው፣ እሷም ትሰበራለች። የተስማሙት አንድ ክፍል ላይ ነው፣ መኝታ ቤታቸው እንግዳ አይገባበትም፣ ልብስም አይከመርበትም፣ እሱ ሲደክመው ገብቶ በሩን ቢዘጋ "ተኮሳተረብን" ሳይሆን ደክሞት ነው ብላ ለዘመድ የምትመልሰው እሷ ናት። ሳሎኑን በየበዓሉ ማገለባበጥ ትወዳለች፣ እሱንም ትቀጥል ተባለ፣ የእሱ ሶፋ ጥግ ብቻ አይነካም።

ለሌላ ጥንድ ይሄው መልስ አይሠራም። ለምሳሌ አንዱ ገውዝ ሌላው ሰንቡላ ጨረቃ ቢሆን እሱም 90 ነው፣ ግን እዛ የሚጋጩት በወሬና በሥርዓት ነው፣ አንዱ ሁሉን እያወራ ይረጋጋል፣ ሌላው ሁሉን እያስተካከለ። ስለዚህ ቁጥሩን አይታችሁ መፍትሔውን ከእነዚህ አትቅዱ።

የማይሠራበት ቦታ

ሽምግልና ልካችሁ በጨረቃ ምክንያት እንዳታፈርሱ። በፀሐይ ምልክት ያለው ነገር ተፈትሿል፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ቮአስ የሚባል ተመራማሪ የእንግሊዝና የዌልስን ሕዝብ ቆጠራ ወስዶ 10 ሚሊዮን ትዳር ሲያይ የፀሐይ ምልክት ማን ማንን እንደሚያገባ ላይ ምንም ተጽዕኖ አላገኘም። በጨረቃ ደግሞ የሥነ ልቦና ሊቁ ካርል ዩንግ ሞክሮ ነበር፣ ውጤቱንም በ1952 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። በመጀመሪያዎቹ 180 ጥንዶች ላይ የሚስት ጨረቃ ከባል ፀሐይ ጋር አንድ ቦታ መሆኑ በዝቶ ታየ፣ ጥንዶቹ ተጨምረው 483 ሲደርሱ ግን ብልጫው ጠፋ። ስለዚህ ጨረቃ ከፀሐይ ይበልጣል የሚለው የሙያው ሰዎች ልምድና ወግ ነው እንጂ የተረጋገጠ ነገር አይደለም። የእኔ ሐሳብ፣ ጨረቃው እውነት ሆነም አልሆነ ባልና ሚስቱ "አንተ ምን ሲደረግልህ ታርፋለህ" ብለው የተጠያየቁት በእሱ ሰበብ ነው፣ ፀሐይ ላይ ቢቆሙ ኖሮ ተስማምተናል ብለው ጥያቄውም አይነሳም ነበር። ደግሞ ዱላ ያለበት፣ መጠጥ ያለበት፣ ገንዘብ የሚደበቅበት ቤት የጨረቃ ጉዳይ አይደለም፣ እዛ ላይ ኮከብ አልገጠመም ማለት ጥፋተኛውን መሸፈን ነው።

ሰዓት ጭራሽ የማይታወቅ ከሆነ፣ እናትም ከሌሉ፣ ቀኑን ያዙና ሁለት ጊዜ አውጡ፣ አንዴ 00:00 ብላችሁ አንዴ 23:59። ሁለቱም ላይ ጨረቃ አንድ ምልክት ካሳየ ሰዓቱ አያስፈልጋችሁም። ከ10 ቀን በ4ቱ ገደማ ግን ጨረቃ በዛው ቀን ምልክት ትቀይራለች፣ ያን ጊዜ ሁለት ምልክት ይወጣላችኋል። ሁለቱን ብቻ ይዛችሁ የደረጃ 5 ወረቀቱን አምጡና የትኛው እንደሚቀርብ እዩ። ሁለቱም እኩል ከመሰላችሁ እዛው ተዉት፣ የተሻለውን መርጣችሁ አትውሰዱ፣ ሰው ሁልጊዜ የሚመርጠው ከሚስቱ ጋር የሚገጥመውን ነዋ።